«ሰው ይየው» የተባለ ኦክስጅን

ሰውየው መጀመሪያ የመታው ዘበኛችንን ነው። በቡጢ፣ አፋቸው ላይ። ሽማግሌው ተንገዳግደው ከግቢው የብረት በር ጋር ተላተሙ፤ ደም ሲተፉ አንድ ጥርስ አብሮ መሬት ላይ ወደቀ። እኔ ስልክ ጆሮዬ ላይ ለጥፌ በቢሮዬ መስኮት አያለሁ።

የምሠራው ከሀይሌ ጋርመንት ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ፣ ለክሊኒኮችና ለሆስፒታሎች ኦክስጅን በሚሞላ ድርጅት ነው። ትዕዛዝ የሚመጣው በስልክ መተግበሪያ ነው። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ትዕዛዝ ክሊኒኩ ከሚወስደው ልማድ ጋር ያስተያያል። መጠኑ የተለመደ፣ ሊጭን የሚመጣው መኪናም የተመዘገበ ከሆነ ማንንም ሳይጠይቅ የመጫኛ ወረቀቱን አትሞ ለጫኞቹ ይልካል። አብዛኛው ትዕዛዝ እንዲህ ያልፋል፤ እኔ ዓይኑንም አላየውም። መጠኑ ከልማዱ እጅግ ከበለጠ ወይም መኪናው እንግዳ ከሆነ ግን ያቆመውና «ሰው ይየው» የሚባል ወረፋ ውስጥ ይከተዋል። ያ ሰው እኔ ነኝ። ትዕዛዙ ላይ ወደተጻፈው ስልክ ሳይሆን ቀድሞ ወደተመዘገበው የክሊኒኩ ስልክ ደውዬ ተረኛውን ባለሙያ አነጋግራለሁ፤ ከዚያ ምክንያቱን ጽፌ ወይ እለቃለሁ ወይ እከለክላለሁ።

ይህን ሁሉ ያመጡብን በያጆች ናቸው። ለቡ በሙሉ ግንባታ ነው፤ ብረት የሚቆርጥ ሰው ኦክስጅን ይፈልጋል፤ በክሊኒክ ስም እያዘዙ የበሽተኛ ትንፋሽ ለብየዳ የሚያስጭኑ ነበሩ። ብየዳ ቤት የዋለ ሲሊንደር ከተመለሰም ቅባት ነክቶት ነው የሚመለሰው። ቅባትና የታመቀ ኦክስጅን ሲገናኙ ደግሞ እሳት ነው። አንዱ ጫኛችን የጣቶቹን ቆዳ ያጣው በዚህ ነው። ስለዚህ እጠረጥራለሁ፣ ክፉኛም እጠረጥራለሁ፤ አላፍርበትም።

የዚያን ቀን ረፋድ ላይ ሁልጊዜ ሁለት ሲሊንደር የምትወስድ አንዲት የለቡ ክሊኒክ አሥር አዘዘች። መኪናው ያልተመዘገበ አይሱዙ። ፕሮግራሙ ሁለቱንም በቀይ አሳየኝ። ክሊኒኩ ጋ ደወልኩ፤ መስመሩ ተይዟል። ደገምኩ፤ አሁንም ተይዟል። ይህን ጊዜ አይሱዙው በራችን ላይ ደርሶ ጡሩምባውን ያምባርቃል። ከውስጡ የወረደው ሰው ነጭ ጋዋን የለበሰ አይደለም። ከጫማው እስከ ቅንድቡ ሲሚንቶ የለበሰ፣ ወገቡ ላይ ፒንሳ የሻጠ ነው። «መጣ በያጁ!» አልኩ በሆዴ።

«ክፈቱልኝ! ወንድሜ እየሞተ ነው!»

«ወረቀቱ አልወጣም ልጄ፣ ትንሽ ታገስ» አሉት ዘበኛው። ቡጢው የመጣው ያኔ ነው።

ስልኩን ሳልዘጋው ጥዬ ወጣሁ። ሰውየው በሩን በትከሻው ገፍቶ ገብቶ፣ ከመጫኛው ላይ እንግሊዝ ቁልፍ አንስቶ ቆሟል። ጫኞቹ ከበውታል።

«እህቴ፣ የምንሠራበት ሕንፃ መወጣጫ ተደረመሰ» አለኝ። «ሠራተኞቹ ልጆች እላዩ ላይ ነበሩ። ወንድሜ ደረቱን ብረት ጨፍልቆታል። ያለ ኦክስጅን አይተነፍስም፤ የክሊኒኩ ነርስ ያላትን ጨርሳለች። አምቡላንሱ ጥቂቶቹን ይዞ ሄዷል፤ ሌሎቹ ከእሱ ጋር ክሊኒኩ ውስጥ ናቸው።»

«ክሊኒኩ ስልክ ያንሳልኝ፣ አሁኑኑ እለቃለሁ።»

«ማን ያንሳልሽ? ሁሉም ሰው አምቡላንስ እየለመነ ነው!»

ቁልፉን ወረወረው። ወደ እኔ ይሁን ወደ ግድግዳው እስከዛሬ አላውቅም፤ ጆሮዬን አልፎ የቢሮዬን መስታወት አረገፈው። ጫኞቹ እንደ ናዳ ወረዱበት። አንዱ አንገቱን አነቀው፣ ሌላው ጎኑን በእርግጫ አለው፣ ሦስተኛው ፀጉሩን ይዞ ግንባሩን ከሲሚንቶው ጋር አጋጨው። የአጥንት ድምፅ ሰማሁ። እውነቱን ልናገር፣ አልራራሁለትም። የሽማግሌ ጥርስ ያወለቀ ሰው ነው፤ ይበለው አልኩ።

«ዲሳ! ተዉት!»

የጮኹት ዘበኛው ናቸው። ዛሬ ኮንዶሚኒየም የቆመበት የላፍቶ መሬት ላይ ጤፍ ሲዘሩ የኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ሲቆጡ ኦሮምኛው ይቀድማቸዋል። ሙሉ የሚወስድ ሁሉ ባዶ መመለስ ስላለበት፣ መኪና ሲገባ ባዶዎቹን ማየት የእሳቸው ሥራ ነው። ጥርሳቸው ወልቆ፣ አገጫቸው ደም ለብሶ፣ በዚያ ሁሉ ግርግር መሀል እንኳ አይሱዙው ላይ ወጥተው ባዶዎቹን እያዩ ነበር።

«እትዬ፣ ነይ እዚህ።»

ሄድኩ። መኪናው ላይ ያሉት ሁለት ባዶ ሲሊንደሮች የእኛ ናቸው፤ ምልክታችን አለባቸው። አንገታቸው ላይ ቅባት የለም። ያለው ደም ነው፤ የሴት እጅ የሚያህል የእጅ አሻራ፣ አምስቱም ጣት፣ ገና ያልደረቀ። የሆነች ሴት በደም እጇ ይህን ብረት ጨብጣ ከፍታለች።

ሮጬ ገባሁ። የመስታወት ስባሪ ላይ ተቀምጬ «ልቀቅ» የሚለውን ተጫንኩ። ምክንያት ካልተጻፈ አይለቅም፤ «ባዶው ላይ ደም አለ» ብዬ ጻፍኩ። ስልኩ አሁንም ተይዟል። ሲቀጠቅጡት የነበሩት ጫኞች ራሳቸው አሥሩንም ጫኑለት። እሱ ከኋላ ወጥቶ፣ ከግንባሩ የሚወርደው ደም ዓይኑን እየሸፈነው፣ ሲሊንደሮቹ እንዳይንከባለሉ በሁለት እጁ አቅፎ ሄደ።

ከሰዓት ሥራ አስኪያጁ መጣ። «ስልክ ሳይነሳ ለቀቅሽ አሉ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» አለኝ። እሳት ሆንኩ። «ጅቡስ ያንተ ፕሮግራም ነው!» አልኩት። «ክሊኒኳ ሁለቱን ሁልጊዜ ትወስዳለች። ሁለቱን ማን ይጠረጥራል? ስምንቱን አቁሞ ሁለቱን ወዲያው ቢለቅ ምን ነበረበት? ሙሉውን ካልለቀቅኩ ምንም መልቀቅ አልችልም!» ጠረጴዛውን ስመታው የመስታወት ስባሪ መዳፌ ውስጥ ገባ። መሐረቡን አውጥቶ መዳፌን አሰረልኝ። በሳምንቱ ፕሮግራሙ ተስተካከለ፤ አሁን የተለመደው መጠን ሳይጠበቅ ይጫናል፣ ለማጣራት የሚቆመው ትርፉ ብቻ ነው። እኔም እንደ ድሮው ደውዬ አጣራለሁ። ነገም ሲሚንቶ የለበሰ ሰው እየጮኸ ቢመጣ እደውላለሁ።

ፕሮግራሙ ከመስተካከሉ በፊት ግን ሰውየው ተመልሶ መጣ። ግንባሩ ተሰፍቷል፣ አንድ ዓይኑ አብጦ ተከድኗል። ዘጠኙ ባዶ ሲሊንደር አይሱዙው ላይ ነው። አሥረኛውን ትከሻው ላይ አድርጎ ከበሩ ጀምሮ በእግሩ ገባ። በአገራችን ሰው የበደለ ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ ይሸከማል። ዘበኛው ፊት ሲደርስ እንደተሸከመ ተንበረከከ።

«አውርድ ልጄ፣ አውርድ» አሉት፤ ጥርስ የጎደለው አፋቸው ቃሉን በደንብ አልያዘውም። ጫኞቹ ደግፈው አወረዱለት። አንዱ ያኔ ፀጉሩን የያዘው ነው፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቀረ።

የሲሊንደሩ ማሸጊያ አልተነካም። ሙሉ ነው።

«ዘጠኙ ለልጆቹ ሆነ፣ ተርፈዋል» አለኝ። «ይኼ የወንድሜ ነበር።»

ጫኛው መመለሻውን መዘገበ። ፕሮግራሙ ባዶዎቹን ራሱ ተቀበላቸው። ሙሉ ሲሊንደር መመለስ ግን ያልተለመደ ነውና አቁሞ ወደ እኔ ወረፋ ላከው። በቀይ ተጽፎ መጣ፤ ከሥሩ «ምክንያት» የሚል ባዶ ቦታ አለ። መዳፌ በፋሻ እንደታሰረ ነው፤ በአንድ ጣት፣ ፊደል በፊደል ጻፍኩት።

«አልደረሰም።»