አሥራ አንዱ የአምሳለ መልእክቶች

ከማሉ በሱዳኗ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ስልክ መጠገን ከጀመረ አሥር ዓመት ሞላው። ከዚያ በፊት ሬዲዮ ነበር የሚጠግነው። ጎረቤቱ ነኝ፤ የእኔ ጨርቅ መሸጫና የእሱ ጠባብ ሱቅ የሚጋሩት አንድ ግድግዳ ስለሆነ ሲያዛጋ እንኳ ይሰማኛል። ብዙ ያዛጋል። ዓይኑ ደክሟል፣ ወገቡ ደክሟል፤ ከሁሉ በላይ ግን የደከመው አንድን ነገር ሺህ ጊዜ ከማስረዳት ነው። እኔ ብሆን ኖሮ ግማሹን ደንበኛ በሁለተኛው ቀን አባርሬው ነበር።

ይህ ታሪክ በሆነበት ዘመን፣ በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት አካባቢ፣ ገበያችን ከካርቱም በሚመጡ ያገለገሉ ስልኮች ተጥለቅልቆ ነበር። ዓረብኛ ያነብባሉ፣ እንግሊዝኛ ያነብባሉ፤ የእኛን ፊደል ሲያዩ ግን ባዶ ሳጥን ይደረድራሉ። ሰዉ ደግሞ ሳጥን ባየ ቁጥር «ቫይረስ ገባበት» ይላል። ከገበያው ታች በኩል ያሉት ጠጋኞች የሚያውቁት መድኃኒት አንድ ብቻ ነው፤ ፎርማት። ስልኩን ጠራርገው ባዶ ያደርጉና ያስረክባሉ፤ ሳጥኑም ይጠፋል፣ መልእክቱም አብሮ ይጠፋል። ይሄ ነገር እኔን ያናድደኛል፤ ከማሉን ግን ያሳዝነዋል።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ አምሳለ መጣች። ወደ ጋላባት በሚወስደው መንገድ ካሉት እርሻዎች በአንዱ፣ ለሰሊጥ አጫጆች ምግብ የምታበስል የመተማ ሴት ናት። እርሻው ውስጥ የስልክ መስመር የለም። በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ፣ ዕቃ ለመግዛት ከተማ ትገባለች፤ ያኔ ስልኳ መስመር ያገኝና መልእክት ይገባላታል። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ፎርማት እንዳያደርግባት ለመነችው። ከታች ያሉት ሌላ መፍትሔ የለውም ብለዋታል።

ነገሩን ቁጭ ብላ ነገረችን። ልጇ ምሥራቅ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እዚሁ ገዳሪፍ ያደገች፣ የተማረችውም በዓረብኛ ነው። ሐምሌ ላይ ተጣሉ። ልጅቷ ካርቱም ሰው ቤት ልቀጠር ነው አለች፤ እናት እምቢ አለች፤ ልጅቷ ሄደች። አምሳለ በሩ ላይ ቆማ ብዙ ክፉ ነገር ተናገረች። በመጨረሻም፣ ቋንቋሽን እንኳ የማትጽፊ ልጅ ብላ ሰደበቻት። ከዚያ ወዲህ እናት ቅዳሜ ቅዳሜ ትደውላለች፤ የልጇ ስልክ ዝግ ነው። በየሳምንቱ ከዚያው ቁጥር አንድ መልእክት ይመጣል፤ ሳጥን ብቻ። ልጇ በሕይወት መኖሯንና አለመኖሯን እንኳ አታውቅም።

ከማሉ መነጽሩን አወለቀና ዓይኑን አሸ። የለመደውን ንግግር ጀመረ።

«እትዬ አምሳለ፣ መልእክት ሲላክ በመንገድ የሚሄደው የፊደሉ መልክ አይደለም፤ የፊደሉ ቁጥር ነው። መልኩን የሚያወጣው የተቀባዩ ስልክ ነው። ያንቺ ስልክ የእኛ ፊደል አልተጫነበትም፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ፊደል ቦታ ባዶ ሳጥን ያስቀምጣል። የጥያቄ ምልክት ብቻ ቢሆን ነበር የምሰጋው፤ ያኔ ብዙ ጊዜ ፊደሉ መንገድ ላይ ጠፍቷል ማለት ነው። ሳጥን ከሆነ ግን ጽሑፉ ውስጡ አለ።»

ይህን ብሎ አንዱን መልእክት እንዳለ ወደ ራሱ ስልክ አስተላለፈው። የእሱ አዲስ ነው፣ ፊደሉ አብሮት የመጣ። የመልእክቱ ጩኸት ተሰማ፤ ስልኩን ገልብጦ ሳያነበው ሰጣት። አምሳለ ማንበብ የተማረችው በጎልማሳነቷ ስለሆነ ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች ነው የምታነበው። ያስተላለፈላት የመጀመሪያውን ነበር።

«እማ እኔ ነኝ። ስልኬን የሚሰጡኝ ዓርብ ከዓስር ሶላት በኋላ ብቻ ነው። ያኔ ደውይልኝ። አማርኛ እየተማርኩ ነው።»

አምሳለ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ልጅቷ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጥሪ ትጠብቃለች፤ ዓርብ እናት እርሻ ላይ መስመር የላትም። እናት ቅዳሜ ትደውላለች፤ ቅዳሜ የልጅቷ ስልክ አሠሪዎቿ ጋ ተቆልፏል። ልጅቷም እናቴ ሆን ብላ ዘጋችብኝ ብላለች። የሚያስታርቃቸው ነገር አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ እናቲቱ ኪስ ውስጥ ነበር። እኔ ተናድጄ ስልክ ሠሪዎችን ሁሉ ረገምኩ፤ ከማሉ ግን የቀሩትን አሥሩን ማስተላለፍ ቀጠለ። የመጨረሻው ትናንት የተጻፈ ነው። «እማ ቁጣሽ አልበረደም። የሚመጣው ዓርብም ካልደወልሽ ከእንግዲህ አላስቸግርሽም» ይላል።

ዓርብ መጥታ ልትደውል፣ ስልኩን እንዲሠራላት ተወችለት። ሥራው እንዲህ ነው፤ የስልኩን የተቆለፈ ውስጠኛ ክፍል መክፈት፣ የእኛን ፊደል የያዘውን ፋይል የፊደሎቹ ማኅደር ውስጥ ማስገባት፣ ከዚያ አጥፍቶ ማብራት። ሲወራ ቀላል ነው። እንዲህ ያለ አሮጌ ስልክ ግን አንዳንዴ በዚያው ይቀራል፤ ስለዚህ ነው አስቀድሞ መልእክቶቹን ወደ ራሱ ያወጣቸው። እንደፈራውም ሰኞ ስልኩ የፋብሪካው ምልክት ላይ ቆሞ ቀረ። ማክሰኞ መብራት ጠፋ። ረቡዕ ሲስተሙን ከነፋይሉ እንደገና ጫነበት፤ ሐሙስ ከሰዓት የራሱን ስልክ አንሥቶ «ሰላም» ብሎ ላከበት። ሳጥን ሳይሆን ሰላም ሆኖ ገባ። አሥራ አንዱንም መልሶ ላከበት። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተደግፎ እንቅልፍ ወሰደው።

ዓርብ ገበያው ዝግ ነው። ከማሉ ግን ከፍቶ ተቀመጠ፤ እኔም ለብቻው መተዉ ከብዶኝ መጣሁ። አምሳለ በሰሊጥ ጭነት ላይ ተቀምጣ ደረሰች፣ እስከ ቅንድቧ አቧራ ለብሳ። የእርሻው ወኪል በአጨዳ ወቅት የምትሄድ ሴት ወደ ሥራዋ አትመለስም ብሏታል። አልተከራከረችውም። የዓስር ሶላት ካበቃ በኋላ ደወለች።

ልጅቷ በመጀመሪያው ጥሪ አነሣች።

«ስንት ዓርብ ጠበቅኩሽ» አለች ምሥራቅ።

«አላየሁትም ልጄ። ስልኩ ሳጥን አድርጎ ነው ያመጣብኝ።»

«የምን ሳጥን? እማ፣ ምክንያት አትፈልጊ። አልፈለግሁም ብትይኝ ይሻለኛል።»

የልጅቷ ድምፅ ሱቁን ሞላው። አምሳለ ልታስረዳ ሞከረች፤ ቁጥሩንና መልኩን አምታታችው፤ የባሰ ውሸት መሰለ። በዓይኗ ከማሉን ለመነችው። እሱም ስልኩን ሊቀበላት እጁን ዘረጋና፣ ያን ሺህ ጊዜ ያወራውን ነገር ሊጀምር ሲል ተወው። የደከመ መሰለኝ። በኋላ ስጠይቀው ግን፣ የእኔ ማስረዳት ለልጅቷ ምን ይረባታል አለኝ።

የራሱን ስልክ ከፍቶ የመጀመሪያውን መልእክት ፊቷ አኖረላት። አምሳለ ገባት። ጣቷን ፊደሉ ላይ አድርጋ፣ እንደ ተማሪ፣ ቃል በቃል ለልጇ ታነብላት ጀመር።

«እማ፣ እኔ ነኝ። ስልኬን የሚሰጡኝ፣ ዓርብ...»

ወዲያ ማዶ ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። አምሳለ አላቆመችም። አንደኛውን ጨርሳ ወደ ሁለተኛው አለፈች።