የጠፋው የጳጉሜ ዝናብ

እትዬ መዝገብ የሚሏት ስም አጥተውላት አይደለም። ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ መዝገብ ቤት፣ ከአንድ ጠረጴዛ ጀርባ ስለኖረች ቅጽሉ ስሟን በላው። ደመወዝ ከፋዩ እንኳ አንዳንዴ ይሳሳትና በዚሁ ይጠራታል። መሥሪያ ቤቱ የዝናብና የወንዝ ልኬት የሚሰበሰብበት ነው። እሷ የምትሠራበት ክፍል ምድር ቤት ሆኖ መስኮቱ ወደ አጥር ግንብ የሚያይ፣ በሦስት ወገን የብረት መደርደሪያ የቆመበት፣ አቧራው ቢጠረግም በማግስቱ ተመልሶ የሚሰፍርበት ነው። የመነጽሯ አንድ እግር ተሰብሮ በቀጭን ሽቦ ታስሯል። "ይሄን ነገር አሠሪው" ሲሏት፣ "እኔንም የሚያሠራኝ ጠፍቷል፤ አብረን እንጠብቅ" ትላለች።

የምትኖረው ከታላቅ እህቷ ጋር ነው። እህትየዋ ጉልበቷ ስለማይታዘዛት ከወንበሯ ብዙ አትነሳም፤ ምላሷ ግን አላረጀም። ማታ በር ስትከፍት፣ "ዛሬስ ማንን ስትቆጥሪ ዋልሽ?" ብላ ነው የምትቀበላት።

በዚያ ሰሞን እትዬ መዝገብ የምትቆጥረው ቀን ነበር። ከብዙ ዓመት በፊት ከየጣቢያው የመጡት የዝናብ ደብተሮች የተጻፉት በእኛ አቆጣጠር ነው። ድልድይ የሚሠሩ መሐንዲሶች ደግሞ ልኬቱን በአውሮፓውያን ቀን ሆኖ፣ በኮምፒውተር ሠንጠረዥ ፈለጉት። ሥራውን በኮንትራት የወሰደ አንድ ባለሙያ በሦስት ወር ጨርሶ አስረክቦ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄዷል። ስልኩም ከዚያ ወዲህ አይነሳም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ኃላፊው ወረቀት ይዞ ወደ ምድር ቤቱ ወረደ። ከእሷ በአሥራ አምስት ዓመት ያንሳል፤ ሲያናግራት ግን አንቱታውን ረስቶ አያውቅም።

"እትዬ፣ የወንዙ ማዶ ጣቢያ ውድቅ ሊሆን ነው" አላት። "የመሐንዲሶቹ መርማሪዎች ልኬቱን አንብበውታል። በየዓመቱ በበጋ መሐል፣ ዲሴምበር ሃያ ሁለትና ጃንዋሪ ሃያ አንድ አካባቢ ከባድ ዝናብ ተመዝግቧል። አንዴ እንዲያውም አርባ ስምንት ሚሊ ሜትር! ደግሞ በየዓመቱ ከሴፕቴምበር ስድስት እስከ አሥር ባዶ ነው። ሰውየው ቤቱ ተኝቶ ነው የሚሞላው ብለዋል።"

"ጋሼ ዝናቡ?"

"እሳቸው። ለነገ አስጠርቻቸዋለሁ። ደብተሮቹን አውጥተው ይጠብቁኝ።"

ጋሼ ዝናቡ በጣቢያው ሠላሳ አንድ ዓመት ዝናብ የለኩ ሰው ናቸው። ቅጽሉን ያወጡላቸው ጎረቤቶቻቸው ነበሩ። በየቀኑ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የዝናብ መለኪያውን ከፍተው፣ ውሃውን በብርጭቆ ሰፍረው፣ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ከጎኑም ዕለቱን፣ ሰኞ ማክሰኞ እያሉ ይጽፋሉ። ዕለት እንዲጽፉ ያዘዛቸው የለም። እትዬ መዝገብ በአካል አይታቸው አታውቅም፤ እጅ ጽሑፋቸውን ግን ከገዛ እህቷ ጽሑፍ በላይ ታውቀዋለች።

በማግስቱ ከአውቶቡስ ወርደው በእግራቸው መጡ። ኮታቸው ጠቦባቸዋል፤ አንገታቸው ድረስ ቆልፈውታል። ኃላፊው ወንበር ቢያቀርብላቸውም አልተቀመጡም።

"በጥር አርባ ስምንት ሚሊ ሜትር ጽፈዋል ይባላል" አላቸው።

"እኔ?" አሉና ወደ እትዬ መዝገብ ዞሩ፤ አለቃው እሷ የሆነች ይመስል። "ልጄ፣ በጥር አርባ ስምንት ብጽፍ ኖሮ ራሴን ሐኪም ቤት እወስድ ነበር እንጂ ደብተሩን ወደዚህ አልልክም።"

"ኮምፒውተሩ ላይ ያለው እንደዚያ ነው" አለ ኃላፊው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ኮምፒውተራችሁ ቆሞ ሲለካ አይቻለሁ እንዴ? እኔ ነኝ የቆምኩት!"

ከዚያ በኋላ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። እትዬ መዝገብን ያሳመማት ጩኸታቸው ሳይሆን ያ አቀማመጣቸው ነው። ድካሟ ላይ ሌላ ድካም ሲጨመር ታወቃት፤ ይህን ነገር ሳትፈታ እንቅልፍ እንደማይወስዳት ገባት።

ሽማግሌው ሲሄዱ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ጃንዋሪ 21 ቀን 2007 ላይ ሁለት መስመር አለ። አንዱ ዜሮ ይላል፤ ሌላው አርባ ስምንት። አንድ ቀን እንዴት ሁለት ልኬት ይኖረዋል? ጃንዋሪ 21 በእኛ ጥር 13 ነው። የ1999ን ደብተር ከመደርደሪያው አውርዳ ጥር 13ን አወጣች፦ "እሑድ፣ ዜሮ" ይላል። አርባ ስምንት ቁጥር በገጹ ላይ የለም። ገጽ በገጽ፣ በጣቷ እየተከተለች ወረደች። የካቲት የለም፣ መጋቢት የለም፣ ክረምቱ ሁሉ አለፈ። መጨረሻው ገጽ ላይ ደረሰች፤ ስድስት መስመር ብቻ ያለው አጭር ገጽ ነው። ጳጉሜ 5፣ ሰኞ፣ አርባ ስምንት።

መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች። ባለሙያው ቀኑን በአጭሩ ጽፎታል፤ አምስት፣ አሥራ ሦስት፣ 1999፣ በጭረት እየለየ። አምስተኛ ቀን፣ አሥራ ሦስተኛ ወር ማለቱ ነው። የኮምፒውተሩ ሠንጠረዥ ግን አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል አያውቅም። ስሕተት ነው ብሎ እንደመጮህ ቁጥሮቹን ገልብጦ፣ አምስተኛ ወር፣ አሥራ ሦስተኛ ቀን አደረገው። አምስተኛው ወር ጥር ነው። ከዚያ የባለሙያው ስሌት ጥር 13ን በታማኝነት ወደ ጃንዋሪ 21 መለሰው። ጳጉሜ 4 ታኅሣሥ 13 ሆነ፤ ጳጉሜ 3 ኅዳር 13። የሠላሳ አንድ ዓመት የጳጉሜ ዝናብ በበጋው ላይ ተበትኗል፤ የሴፕቴምበሩ ባዶ ቦታ የጳጉሜ የራሷ ቦታ ነበር።

ጥቅምት 29ና 30 ላይም ችግር አገኘች። ሁለተኛው ወር ፌብሩዋሪ መስሎት ሠላሳ ቀን አልቀበልም ያለው ሠንጠረዥ፣ ቀኑን እንደ ተራ ጽሑፍ በግራ በኩል ትቶታል፤ ሌሎቹ ቀኖች በቀኝ ተሰልፈዋል። ስሌቱም ዘሏቸዋል።

ሮጣ ኃላፊው ጋ አልወጣችም። ደረጃው ብዙ ነው። አንድ ስሕተት ያገኘ ሰው ሌላውንም ካልፈለገ ነገ በሌላ ደብዳቤ እንደሚጠራ ታውቃለች። ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በሦስት የተለያየ ዓምድ ለየች፤ እንዲያ ከሆነ ማሽኑ ቀን ነው ብሎ የሚገለብጠው ነገር አያገኝም። ስሌቱን ከመስከረም አንድ ጀመረች። መስከረም አንድ አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ ያለፈው ዓመት ጳጉሜ ስድስት ከሆነች ግን 12 ይሆናል። ከዚያ ላይ ያለፉትን ቀናት ትደምራለች፤ ለእያንዳንዱ ያለቀ ወር ሠላሳ፣ ከዚያም የወሩን ቀን አንድ ቀንሳ። ማረጋገጫዋ ደግሞ የጋሼ ዝናቡ ሰኞና ማክሰኞ ሆነ። በእያንዳንዱ ገጽ የመጀመሪያና የመጨረሻ መስመር ላይ ያለው ዕለት፣ ኮምፒውተሩ ካወጣው ቀን ዕለት ጋር መግጠም አለበት።

አራት መቶ ሦስት ገጽ ነው። ዝም ብሎ ሲነገር ቀላል ነው። ረቡዕና ሐሙስ አንገቷ እንደ እንጨት ደረቀ። የጳጉሜን መቶ ስድሳ ሦስት ቀን አንድ በአንድ እንደገና ጻፈች። ቤቷ ስትገባ እህቷ፣ "ዛሬስ ማንን ቆጠርሽ?" ስትላት፣ "ጳጉሜን" ብላ ሳትበላ ተጋደመች።

"አምስት ቀን ለመቁጠር ሁለት ቀን?" አለች እህትየዋ። ሆኖም ጉልበቷን እያሻሸች ተነስታ ብርድ ልብስ ደረበችላት።

ዓርብ ጠዋት አንድ ገጽ አልገጥም አለ። የ1992 መስከረም አንድ፣ ደብተሩ ቅዳሜ ይላል፤ ስሌቱ እሑድ። ስሌቷን ሦስት ጊዜ አየች፤ ትክክል ነው። 1991 ጳጉሜዋ ስድስት ናት፤ ደብተሩ ላይ ግን አምስት ብቻ ተጽፏል። ወርዳ ወርዳ መስከረም 12 ጋ ስትደርስ ቀኑ ሁለት ጊዜ ተጽፎ አገኘችው። ከመጀመሪያው በላይ ያለው ጽሑፍ ሁሉ ክብ ክብ የሌላ ሰው እጅ ነው፤ ከሁለተኛው በታች የጋሼ ዝናቡ ነው። ሽማግሌውን ልታድን ስትለፋ ጉድጓድ የቆፈረችላቸው መሰላት።

ስልክ ደወለች።

"ጋሼ፣ በዘጠና ሁለት መስከረም መጀመሪያ ላይ ማን ነው የጻፈው?"

"ባለቤቴ ናት" አሉ። "ወባ ጥሎኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት እሷ እየለካች ትጽፍ ነበር። ጳጉሜ ስድስት መሆኗን አልነገርኳት፤ ራሴንም አላውቅ። ስነሳ አየሁት። ልሰርዘው አልኩና፣ ጽሑፏን መሰረዝ አስጠላኝ። ቀኑን ደግሜ ጻፍኩና አለፍኩ።" ከዚያ ፈራ ተባ እያሉ፣ "ያባርሩኛል?" አሉ።

"ዝናቡን ለክታለች?"

"ከእኔ ይልቅ ትጠነቀቃለች እንጂ!"

"እንግዲያው የተሳሳተው ቁጥሩ ሳይሆን የቀኑ ስም ነው። አንድ ቀን ወደ ኋላ እገፋዋለሁ፤ ለምን እንደገፋሁትም ከጎኑ እጽፋለሁ። አልደብቅም፣ ጋሼ። ከደበቅነው ነው የሚጎዳን።"

"ስሟን ትጽፊዋለሽ?"

"ተተኪ ለኪ እላለሁ።"

"እሱማ ደስ ይላታል" አሉ።

ከሰዓት በኋላ ደብተሮቹን ተሸክማ፣ በየፎቁ እያረፈች ወደ ኃላፊው ወጣች። ጃንዋሪ 21ን፣ ከዚያ አጭሩን ገጽ፣ ከዚያ ዕለቱን አሳየችው። የ1992ቱንም ራሷ ቀድማ አወጣች። ኃላፊው ቀስ ብሎ አነበበ።

"ይሄ ዝናብ ወደ ክረምቱ ሲመለስ እኮ የወንዙ ሙላት ከፍ ይላል" አለ። "መሐንዲሶቹ የድልድዩን ከፍታ እንደገና ሊያዩት ነው።"

"ይዩት። ውሃው እንደሆነ ደብዳቤያቸውን አያነብም።"

በሁለት ሳምንት መልስ መጣ። ጣቢያው ውድቅ መሆኑ ቀረ፤ ድልድዩም በአንድ ሜትር ገደማ ከፍ እንዲል ተወሰነ። ለጋሼ ዝናቡ የተላከው ደብዳቤ ሁለት መስመር ነበር፤ "በቀን ቅየራ ወቅት የተፈጠረ ስሕተት መታረሙን እንገልጻለን" ይላል። ይቅርታ የሚል ቃል የለውም። ማን እንደተሳሳተም አይናገርም።

ደወሉላት። "አንብቤዋለሁ" አሉ። "ማን እንደዋሸ ግን አልጻፉም።"

"ማንም አልዋሸም፣ ጋሼ። የቸኮለ ሰውና አሥራ ሦስት ወር የማያውቅ ማሽን ነው የተገናኙት።"

"ጎረቤት ደብዳቤውን አንብብልን ሲለኝ ምን ልበል?"

"ሌላ ወረቀት ይደርስዎታል" አለቻቸው። በራሷ እጅ አንድ ገጽ ጻፈችላቸው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የለኩት ትክክል እንደነበር፣ የእያንዳንዱን ዕለት ስም በመጻፋቸው ብቻ ነገሩ እንደተፈታ። ማኅተም እንዲመታላት ኃላፊውን ሦስት ቀን ለመነችው። እሱም ሕግ አይፈቅድም ሲል ቆይቶ መታላት።

እረፍት ጠየቀች። ሦስት ቀን ብላ አመልክታ አንድ ቀን ተኩል ተፈቀደላት። ሙሉውን ቀን ተኛች። በግማሹ መነጽሯን ልታሠራ ወጥታ፣ ባለሱቁ ለምሳ ዘግቶ ስላገኘችው ደጁ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው።