ሁለቱ የተቀመጡ ሴቶች

አልጣሽ ገብረ መድህን ዲክሲስ ውስጥ ሥዕል ታስተምር ነበር። የስንዴው ማሳ ሲነጣና ነፋስ ሲያስተኛው፣ ልጆቿን ከክፍል አውጥታ «ቢጫ ስንት ዓይነት ነው? እዩና ንገሩኝ» ትላቸው ነበር። ልጆቹ ይወዷታል። ችግሩ ሥዕል ለማስተማር የሚያበቃ የምስክር ወረቀት የላትም፤ የተመረቀችው በአማርኛ ነው። ርዕሰ መምህሩ ኦብሳ ቀና ሰው ስለሆነ ብዙ ታገሣት። በመጨረሻ ግን፣ «አልጣሽ፣ ከአሁን በኋላ በእኔ እጅ አይደለም። የክረምቱን ኮርስ ጨርሰሽ ማለፊያሽን አምጪልኝ። ካልሆነ ክፍለ ጊዜው ለሌላ ይሰጣል» አላት።

በዚህ ምክንያት ክረምቱን አሰላ መጣች። የጭላሎ ተራራ ከጉሙ ውስጥ አንዴ ብቅ አንዴ ጥልቅ በሚልበት በዚያ ወራት፣ ከሲሬ ከመጣች ሂክማ ከምትባል መምህርት ጋር አንድ ክፍል ተከራዩ። የሂክማ ቤተሰቦች ነጋዴዎች ናቸው። እሷም ነገርን መዝና የምትናገር፣ ሳቋ የሚቀድማት ሴት ናት። አልጣሽ ደግሞ ዝናብ ጣሪያውን ሲመታ ዜማ የሚመጣባት፣ ሳህን ስታጥብም ግጥም የምትገጥም ናት። የኮርሱን ፈተና ባለፈው ክረምት አንድ ጊዜ ወድቃዋለች። የቀራት አንድ ድጋሚ ብቻ ነው።

«ባለፈው ለምን እንደወደቅሽ ታውቂያለሽ?» አለቻት ሂክማ አንድ ቀን፣ ሻይ ቤት ተቀምጠው ሲያጠኑ።

«ክፉ ዕድል።»

«ዕድል አይደለም ወላሂ! የታረመውን ወረቀትሽን አይቼዋለሁ፤ ስለ አንዱ ሐውልት ሙሉ ገጽ ለቅሶ ጻፍሽ፤ ሁለተኛውን ለሰላምታ ያህል ነካ አድርገሽ ተውሽው። አወዳድሪ ነው የተባልሽው እኮ፣ አልቅሽ አልተባልሽም።»

«አንቺ ልብ የለሽም።»

«ልብማ አለኝ፤ ማርክ አይሰጥበትም እንጂ።» ሂክማ የሻዩን ብርጭቆና የስኳሩን ዕቃ ጎን ለጎን አቆመች። «በይ አሁን እነዚህን አወዳድሪ። መጀመሪያ ለጥያቄው መልስ የሚሆን አንድ ዓረፍተ ነገር። ከዚያ አንድ ነጥብ ትይዣለሽ፤ አቀማመጡን እንበል። በዚያው አንቀጽ ውስጥ ሁለቱንም። ቀጥሎ እጅ፣ አሁንም ሁለቱንም። ቀጥሎ ቁሱ። አንድ ነገር ስትይ ከሥዕሉ ላይ የት እንዳየሽው ጻፊ። መጨረሻ ላይ ዘመናቸው ለምን እንዳለያያቸው።»

«መምህር የኋላሸትን መሰልሽ።»

«እሱማ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው፤ አንቺ ግጥም ስትጽፊ ነው ያለፈሽ።»

አልጣሽ ሳቀች፤ ግን ያዘችው። እስከ ፈተናው ድረስ ሂክማ ያገኘችውን ሁሉ እያጋጠመች «አወዳድሪ» አለቻት፤ ጃንጥላን ከጃንጥላ፣ የቅርቡን ጎረቤት ከወዲያኛው ጎረቤት። በመጨረሻ፣ «አሁን ታልፊያለሽ፣ ኢንሻአላህ» አለቻት።

መምህር የኋላሸትም እንድታልፍ ይመኙ ነበር። ጡረታቸው የተቃረበ፣ ተማሪ ሲወድቅ ምሳ የማይበላላቸው ሰው ናቸው። ፈተናውን ሲያዘጋጁ አንደኛውን ምስል ከአክሱም ዘመን በፊት ከተሠሩት መረጡ፤ ሐውልቲ ከሚባለው ቦታ የተገኘችውን የተቀመጠች ሴት። ለሁለተኛው በከተማው ካለ አንድ የጤና ጣቢያ ግቢ ሄደው በስልካቸው ፎቶ አነሡ። እዚያ ያለችው የሲሚንቶ እናት በሰባዎቹ ዓመታት የተሠራች ናት። የሠሯት ግንበኛው ገብረ መድህን፣ የአልጣሽ አባት ናቸው፤ ካረፉ ቆይተዋል። መምህሩ «ልጅቱ ይህችን በደንብ ታውቃታለች፤ አትቸገርም» ብለው በደግነት አስገቡት።

በፈተናው ቀን አልጣሽ ወረቀቱን ገለበጠች። «ሁለቱ ቅርጾች የተቀመጠችን ሴት እንዴት አሳይተዋል? ከምስሎቹ ላይ በሚታይ ማስረጃ አወዳድሩ» ይላል። የሐውልቲዋን አየች። ከጎኗ ያለችውን ስታይ እጇ ቆመ።

በልጅነቷ፣ አባቷ አሰላ ውስጥ ሲሠሩ፣ ከዚያች ሴት ጉልበት ሥር ተጫውታለች። አባቷ ሲሚንቶ የነካ ሱሪያቸውን እያራገፉ «ይቺ እናት ልጇን ነው የምትጠብቀው» ይሏት ነበር። ፌሮውን እንዴት እንዳጎበጡት፣ ዝናብ እንዳያበላሸው ሸራ እንዴት እንዳለበሱት ሁሉ መጣባት። ጻፈች። የሲሚንቶዋ እናት እንባ በጉንጯ እንደሚወርድ ጻፈች፤ ዓይኗ መንገዱን እንደሚያማትር ጻፈች፤ በመካከሉም ዜማው አሸነፋትና፣

የጭላሎ ጉም ሆይ፣ ዞር በል ከፊቴ፣
ልጄ ከመጣልኝ ይበቃል ናፍቆቴ

ብላ አሰፈረች። ፈታኙ «ሰዓት አልቋል» ሲል፣ የሐውልቲዋ ሴት ገና «ጥንታዊት ናት» ከሚለው አልፋ አልሄደችም።

ውጤቱ ሲለጠፍ ሂክማ አልፋለች። የአልጣሽ ስም ካለፉት ውስጥ የለም። ሂክማ ክንዷን ያዘችና ወደ መምህሩ ቢሮ ወሰደቻት፤ እሷ ግን ከበሩ ተመለሰች።

«ግቢ፣ ልጄ» አሉ መምህር የኋላሸት። የመልስ ወረቀቷ ከፊታቸው ነው። «ሁለት ሰው ነው ያረመው። እኔም ሆንኩ ሌላው አራሚ ማርክ የምንሰጥበት አጣን።»

«ውሸት አልጻፍኩም፣ መምህር።»

«አላልኩም።» ምስሎቹን ወደ እሷ አዞሩላት። «እንባውን አሳዪኝ።»

አልጣሽ ጣቷን ወደ ሲሚንቶዋ እናት ጉንጭ ወሰደች። እንባ የለም።

«እሺ፣ መንገዱን የምታይበትን ዓይን አሳዪኝ።»

ዓይኗ ወደ ታች ነው። አልጣሽ ምስሉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረበች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ለራሷ እንደምትናገር ጀመረች።

«ሁለቱም ተቀምጠዋል፤ ሐውልቲዋ ግን ቀጥ ብላ ነው፣ ግራና ቀኟ እኩል ነው። ይቺ ወገቧ ወደ ቀኝ ዞሯል፣ አንገቷ ደፋ ብሏል። የመጀመሪያዋ ፊት ለፊት ስለምታየን የምትከበር ትመስላለች፤ ይቺ ስለማታየን ብቻዋን ያለች ትመስላለች። ልብሱ... የሐውልቲዋ ቀሚስ ላይ ቀጥ ያሉ መስመሮች ተፈልፍለዋል፣ እኩል እኩል። የዚህችኛዋ ነጠላ ሻካራ ነው፤ የግንበኛው ማንኪያ የሄደበት መንገድ ይታያል። ያኛው የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ክንዶቹ ከአካሉ አልራቁም። ይህ ውስጡ ፌሮ ስላለው ነው ክርኗ ወጣ ብሎ፣ በእጇ ጉንጯን የደገፈችው።»

«ቀጥዪ» አሉ መምህሩ። መነጽራቸውን አውልቀዋል።

«እጅ። የሐውልቲዋ ሁለት መዳፍ ጉልበቷ ላይ ተዘርግቷል። የዚህች ግራ እጅ ግን ጭኗ ላይ ተጨብጧል።»

«ይህን ነበር» አሉ መምህሩ። «ልክ ይህን ነበር የጠየቅኩሽ።»

«አሁን ጽፌ ባስገባስ?»

«ውጤቱ ጸድቋል፣ ልጄ። ድጋሚሽም ይኸው ነበር። ያቺን ፎቶ ባላስገባት ኖሮ... እንዲቀልልሽ ብዬ እኮ ነው።»

«ይገባኛል፣ መምህር። አይዘኑ።»

እሳቸው ግን አዘኑ፤ አጽናኟ እሷ ሆነች። ሊሸኟት ሲነሡ ምስሉን እንደገና አዩት።

«ለመሆኑ ምን ጨብጣ ነው?»

አልጣሽ የተጨበጠችውን እጅ አየች። የጣቶቹ አንጓ ጎልቷል፤ አውራ ጣቱ ወደ ውስጥ ገብቷል። ነጠላውና ሌላው አካሏ ሁሉ በችኮላ የተለሰነ ሲሆን፣ ይህች እጅ ብቻ በጥንቃቄ ለስልሳለች። አባቷ ብዙ የደከሙባት እዚች ላይ ነው።

«አላውቅም።»

«አባትሽ አልነገሩሽም?»

«አልጠየቅኋቸውም» አለች አልጣሽ። «የማውቅ መስሎኝ ነበር።»

መስከረም ሲጠባ ዲክሲስ ላይ የሥዕሉን ክፍለ ጊዜ ሌላ መምህር ያዘው፤ አልጣሽ ወደ አማርኛዋ ተመለሰች። ከሂክማ ጋር አልፎ አልፎ ይደዋወላሉ። ያቺ እናት ምን እንደጨበጠች ለመጠየቅ ግን ለአባቷ መደወያ የለም።