ተደራሽነቱ የተሻሻለው ውኃ

ደሴ ተወልጄ ለትምህርት መቐለ መጣሁ፤ ትምህርቱ ሲያልቅ ባል አገኘሁና በዚያው ቀረሁ። የምሠራው ሓወልቲ አካባቢ ባለ የልማት ድርጅት ውስጥ ነው። የመስክ ባለሙያዎች የሚጽፉትን ሪፖርት አሳጥሬ፣ ሰው ሊያነበው በሚችል ቋንቋ በፌስቡክ ገጻችን ላይ አወጣለሁ። ትግርኛውን ባልደረባዬ ይይዛል፣ አማርኛውን እኔ።

አንድ ዓርብ ከውኃ ክፍላችን ኃላፊ አንድ ሰነድ ደረሰኝ። እኚህ ሰው ጸጉራቸው የሸበተ፣ ከቢሮ ይልቅ መስክ መዋል የሚወዱ መሐንዲስ ናቸው። ሲያወሩ ጨዋታ ያውቃሉ፤ ሲጽፉ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። ሰነዱ እንዲህ ይጀምራል፦ «ከባለድርሻ አካላት ጋር በተፈጠረ ቅንጅታዊ አሠራር የተቀናጀ የዋሽ ጣልቃ ገብነት በመተግበሩ፣ ዒላማ የተደረጉ የማኅበረሰብ ክፍሎች ለመሠረታዊ የውኃ አገልግሎት ያላቸው ተደራሽነት በጉልህ ተሻሽሏል።»

ደጋግሜ አነበብኩት። ፓምፕ እንደተጠገነ ገምቻለሁ፤ ግን ውኃው መጣ ወይስ አልመጣም? ለማን? ማን ምን ሠራ? ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አንድም ሰው የለም።

ከሥራ ስወጣ ሰሜን ክፍለ ከተማ ወዳለው የባለቤቴ እኅት የውበት ሳሎን ጎራ አልኩ። እሷ አማርኛ አሳምራ ታነባለች፤ ደንበኞቿም ቢሆኑ ሐሳብ ከመስጠት ወደ ኋላ አይሉም። ጸጉሬን እያጠበችልኝ ሳለ ከስልኬ ላይ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች እጇን ከጸጉሬ ሳታወጣ። «ጣልቃ የገባው ማን ነው?»

«ማንም አልገባም። እኛ ውኃ ስላስጠገንን ነው።»

«እና ዒላማ የተደረጉትስ? ተተኮሰባቸው እንዴ?» አለች ማድረቂያው ሥር የተቀመጠች ወፍራም ሴት፣ ማድረቂያውን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ።

«አይደለም፣ እንዲጠቀሙ የተመረጡ ለማለት ነው።»

«የዋሽ ደግሞ አልሽ» ቀጠለች የባለቤቴ እኅት። «ማንን ነው ዋሽ የምትሉት?»

እዚህ ላይ እኔም ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ‹ዋሽ› የውኃ፣ የመጸዳጃና የንጽሕና ሥራን አንድ ላይ የምንጠራበት የቢሮ ቃል ነው፤ ስንቱን ዓመት ስጽፈው ኖሬ ጆሮዬ አንድም ቀን ሰምቶት አያውቅም። ሳሎኑ በሳቅ ተናጋ። ሻምፖው ዓይኔ ውስጥ ገባ፤ እያለቀስኩ ሳቅኩ።

ሰኞ ጠዋት የራሴን ረቂቅ ይዤ መሐንዲሱ ጠረጴዛ ዘንድ ሄድኩ። ርእሱን «የመንደሩ የውኃ ችግር ተፈታ» ብዬዋለሁ። ረቂቁ አጭር ነው፣ ግልጽ ነው፤ በራሴ ኮርቻለሁ። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና ፊታቸው ጠቆረ።

«ሓፍተይ» አሉኝ፣ እኅቴ ማለታቸው ነው፤ «ይኼ እውነት አይደለም።»

«እንዴት?»

«እኔ ‹ተደራሽነቱ ተሻሽሏል› አልኩ እንጂ ‹ችግሩ ተፈታ› መች አልኩ? በታችኛው ጎጥ ያሉት ቦኗቸው ተከፍቶላቸዋል። ላይኛው ጎጥ ድረስ ግን ግፊቱ ውኃውን አያደርሰውም፤ እዚያ ያሉት አሁንም ወደ ታች ወርደው ነው የሚቀዱት። ይህን ጽሑፍ የላይኛው ጎጥ ሰው ቢያነበው ምን ይለናል?»

«ዋሹ ይለናላ» አልኩ ሳላስበው፤ ወዲያው የሳሎኑ ጉድ ትዝ አለኝና ሳቄ አመለጠኝ። ግራ ገብቷቸው ሲያዩኝ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጣልቃ ገቡን፣ የተተኮሰባቸውን፣ ዋሽን። መጀመሪያ ቅር ያላቸው መስሎኝ ነበር። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«እስኪ ሪፖርቱን ይተዉትና የሆነውን ይንገሩኝ» አልኳቸው ወንበር ስቤ።

ከመቀመጫቸው ተነሡ። ፓምፑ በጦርነቱ ጊዜ ከተበላሸ ወዲህ ሴቶቹ እስከ ወንዝ ይወርዱ እንደነበር ነገሩኝ። አዲሱን ፓምፕ ወደ ጉድጓዱ ሲያወርዱ ገመዱን የያዙት የመንደሩ ወጣቶች እንደነበሩ፣ የቧንቧውን ቦይ የቆፈረው ሕዝቡ ራሱ እንደሆነ፣ ሞተሩ ሲነሣ መጀመሪያ አየር፣ ቀጥሎ ዝገት የመሰለ ቀይ ውኃ፣ ከዚያ ጥርት ያለው እንደመጣ በእጃቸው እያሳዩ ተረኩልኝ። «ወዲያው አላስጠጣናቸውም» አሉ። «ክሎሪን ጨምረን፣ መስመሩን አጥበን፣ ናሙናው ተመርምሮ ደኅና ነው እስኪባል ጠበቅን። ጠጡ ስንላቸው ግን አንዷ ‹ማይ መጺኡ!›፣ ውኃ መጣ! ብላ ጮኸች፤ እልልታው ተራራውን ሞላው።»

እኔ እየጻፍኩ ነበር። «‹ባለድርሻ አካላት› የሚሉት እነዚህን ነው?»

«እ… አዎ። እነሱና የወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት።»

«ታዲያ እንደዚያው እንበላቸዋ።»

ረፋዱን አብረን ሠራን። እኔ የሰማሁትን በአጫጭር ዓረፍተ ነገር አስቀምጣለሁ፤ እሳቸው እያንዳንዷን ቃል ይመዝናሉ። ‹ንጹሕ ውኃ› ስል «ተመርምሯል፣ በይው» ይላሉ። ‹መንደሩ› ስል «ታችኛው ጎጥ» ይላሉ። የላይኛውን ጎጥ ነገር መጨረሻ ላይ ልደብቀው ብሞክር ጎትተው ወደ መካከል አመጡት፤ ልክ ነበሩ። እኔም በተራዬ ‹ዘላቂነት› የሚለውን ይዘው ሙጭጭ ሲሉ አስጣልኳቸውና «ቦኖውን የሚጠብቅና የሚያስጠግን ኮሚቴ መንደሩ መርጧል» ብለን ጻፍን።

ፎቶ ቀረን። የኮሚቴው ሰብሳቢ የተነሣቻቸው ሁለት ነበሩ፤ በአንዱ ጀሪካን ተሸክማ አንገቷን ደፍታለች፣ በሌላው ቧንቧው ረጭቷት ትስቃለች። ያለ ፈቃዷ ስለማናወጣ መሐንዲሱ ደወሉላት፤ ድምፁንም ለእኔ እንዲሰማ ከፍ አደረጉት።

«ኣደይ፣ ከመይ ሓዲርክን?» አሉ፤ እናቴ፣ እንዴት አደሩ እንደማለት ነው። ሰላምታው እንደ አገሩ ልማድ ረዘመ። ከብቱም፣ ዝናቡም፣ ልጆቹም ተጠየቁ። ከዚያ ጽሑፉን ወደ ትግርኛ እየመለሱ አነበቡላት፤ ስለ ፎቶውም ጠየቋት።

«ያቺን ያዘነችውን ተዋት» አለች በትግርኛ፤ ያን ያህል እሰማለሁ። «ሰው የሞተባት ትመስላለች። የሳቅኩበትን አውጣ። ስሜን ግን አትጻፍ፤ ቦኖው የሁላችንም ነው።»

ሥራ አስኪያጃችን ሲያነቡት ለጋሹ የት እንዳለ ብቻ ጠየቁ። በመጨረሻ መስመር ላይ እንዳመሰገንነው አሳየኋቸውና ፈረሙ። አዲሱ ርእስ «በታችኛው ጎጥ ቦኖው ተከፈተ» ነበር።

ከዚያ በፊት በጽሑፎቻችን ሥር የሚመጣው «በርቱ» ብቻ ነበር፤ እሱም ከራሳችን ሠራተኞች። ያን ቀን ከሰዓት ግን ስልኬ ዕረፍት አጣ። አንዱ የተወለደበትን ጎጥ አውቆት ከሐዋሳ ጻፈ። አንዷ ከፎቶው ላይ አክስቷን ለይታ የልብ ምልክት ደረደረች። የባለቤቴ እኅት «አሁን ገባኝ» ብላ ጻፈች። ከላይኛው ጎጥ የሆነ ሰውም ጻፈ፦ «እኛን ስላልረሳችሁን እናመሰግናለን። ታዲያ መቼ ነው?»

ምን እንደምመልስ ጨነቀኝና ወደ መሐንዲሱ ክፍል ሮጥኩ። እሳቸው ስልካቸው ላይ አጎንብሰው በአንድ ጣት እየጻፉ ነበር። ጥያቄውን ቀድመው አይተውታል። ሲጨርሱ ገጹን ከፍቼ አነበብኩት፦

«ቀኑን አሁን መናገር አልችልም። ውኃውን ወደ እናንተ የሚገፋ ሌላ ፓምፕ ያስፈልጋል፤ ለእሱ ጥያቄ አቅርበናል። ወሬውን እንደሰማሁ እዚሁ እጽፋለሁ።»

«እንዴት ነው?» አሉኝ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ፈተና እንዳስረከበ ተማሪ።

«አንዲት ቃል አልነካም» አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። ጃኬታቸውን አንሥተው «ነዪ፣ ማኪያቶ ጋባዡ እኔ ነኝ» አሉና ከፊቴ ወጡ።