የአቶ ሀ ሦስት ወር

የኮሌጁ የሕግ መምህራችን የፈተና ወረቀት ከማደሉ በፊት ጣቱን ቀስሮ «ለአቶ ሀ አትዘኑለት!» የማለት አመል አለው። አቶ ሀ በጥያቄው ሁሉ የሚበደል፣ የሚከሰስ፣ የሚፋታ ምስኪን ነው። እኛ አጭር ታሪኩን አንብበን ጭብጡን እንለያለን፣ ሕጉን አምጥተን ታሪኩ ላይ እንተገብራለን፣ እንወስናለን። ታሪኩ ውስጥ የሌለ ነገር መጨመር ክልክል ነው።

ያን ቅዳሜ ጠዋት ቡራዩ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ፈተና ላይ ነበርኩ። ሁለተኛው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ አቶ ሀ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው። አለቃው ያለ በቂ ምክንያት፣ ያለ ጽሑፍ አባረረው። አቶ ሀ አልከሰሰም፤ ሽማግሌ እየላከ ሥራ አስኪያጁን አስለመነ። ሥራ አስኪያጁም «እናያለን» እያለ በቃል ይመልስ ነበር። አራት ወር ካለፈ በኋላ «ወደ ሥራዬ ልመለስ» ብሎ ከሰሰ። ወስኑ።

እጄ መጻፍ ጀመረ። ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ ከተባረረበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይቀራል። ይርጋውን የሚያቋርጠው ለሚመለከተው የመንግሥት አካል ወይም ለፍርድ ቤት ማመልከት ነው፤ ወይም አሠሪው የሠራተኛውን መብት በጽሑፍ ማመኑ። ሽማግሌ አያቋርጠውም። «እናያለን» አያቋርጠውም።

እዚህ ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ።

አባቴ ሰበታ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ላይ ያረጀ ሰው ነው። ከአዲሱ ፎርማን ጋር ተጨቃጨቀና ከጥምቀት ማግስት በር ላይ «ሁለተኛ እንዳትመጣ» ተባለ፤ ወረቀት የለ፣ ምን የለ። እሱም ክስ ነውር ነው ብሎ ሽማግሌ ላከ፤ ኦቦ የምንላቸውን ጎረቤታችንን፣ የሰፈሩን ባለሱቅ ሐጂና አንድ የሰንበቴ ወዳጁን። ሥራ አስኪያጁ ተነስቶ ይቀበላቸዋል፣ ለስላሳ ያስከፍትላቸዋል፣ «በዓሉ ይለፍና እናየዋለን» ይላቸዋል። እነሱም ደስ ብሏቸው ይመለሳሉ። እኔ ጅሏ ሦስት ወር የሚለውን ለፈተና ሸምድጄ ቤቴ ውስጥ ያለውን ሰው አላየሁትም! ሦስት ወሩ የሚሞላው የፊታችን ማክሰኞ ነበር።

የቀሩትን ጥያቄዎች እንዴት እንደሠራኋቸው እግዜር ይወቅ። ወረቀቴን አስረክቤ ስወጣ መምህሩ «ምነው፣ ምን አጣደፈሽ?» አለኝ። እኔ ግን ወደ ታክሲ ተራው እየሮጥኩ ነበር። ወደ ሰበታ፣ ወደ ቤት በሚወስደኝ ታክሲ ውስጥ መቀመጫው እሾህ ሆነብኝ። አለም ገና ላይ መንገዱ ሲዘጋጋ ወርጄ ልሮጥ ሁሉ አስቤ ነበር። ረዳቱ «እህቴ፣ ተረጋጊ እንጂ፣ የሚያመልጥሽ ባቡር አለ እንዴ?» ሲለኝ አፉን ባስዘጋው ደስ ባለኝ ነበር።

አባቴ በረንዳው ላይ የቆየ የሥራ ጫማውን እየቀባ ነበር። ረቡዕ ሽማግሌዎቹ ሊሄዱ ነው፤ «የአሁኑ የመጨረሻ ነው፣ ሥራ አስኪያጁ ቃል ገብቷል» አለኝ። እንክሰስ ብዬ ብነግረው እንደሚቆጣ አውቃለሁ። ስንት ጊዜ «የሽማግሌ ፊት ረግጬ ፍርድ ቤት አልቆምም» ብሏል። ስለዚህ ጫማዬን እንኳን ሳላወልቅ የፈተናውን ጥያቄ ነገርኩት።

አባቴ እንቆቅልሽ ይወዳል። ብሩሹን አስቀምጦ አዳመጠና ሳቀ። «ይሄ አቶ ሀ ደግሞ ምን ዓይነት ፈዛዛ ነው? አራት ወር ሙሉ እናያለን ሲሉት አይገባውም? ሊያባርሩት ፈልገው አይደል ያባረሩት!»

«እሺ፣ ፍረድበት» አልኩት።

«ጊዜው ካለፈ አለፈ። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ይሄን እያወቀ ነው የሚያቆየው፣ ተንኮለኛ!»

ብሩሹን ሊያነሳ እጁን ዘርግቶ ተወው። ጫማውን አየ። ከጥምቀት ወዲህ ያለውን ወር በጣቱ ሲቆጥር አየሁትና እንባዬ መጣ።

«እስከ መቼ ነው?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ማክሰኞ።»

ተነስቶ ወደ ኦቦ ቤት ሄደ፤ ረቡዕ እንዳይለፉ ሊነግራቸው። ኦቦ ይቀየማሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሳቸው ግን ሰኞ ጠዋት ምስክር እንደሚሆን ሰው ኮታቸውን ለብሰው አብረውን ወደ ፍርድ ቤት ወረዱ። ክሱን በአፋን ኦሮሞ አሳምሮ የሚጽፍ ሰው ያገኙልንም እሳቸው ናቸው። የፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ተቀብሎ መዝገብ ከፈተልን፣ ማኅተሙን ረገጠ። እኔ ያኔ ነው አየር የሳብኩት።

ከግቢው ስንወጣ አባቴ ክንዴን ያዘኝ።

«ያ አቶ ሀስ? ምንም አይደረግለትም?»

«የሚገባውን ክፍያ መጠየቅ ይችላል፣ ለሱ ስድስት ወር አለው። ሥራው ግን አይመለስለትም።»

ራሱን ነቀነቀ። «ምስኪን» አለ፤ «ሽማግሌውን ያመነ ሰው እኮ ነው።»