ስምንት ድንጋይ በሁለት ረድፍ

ጓንጉልን ያንገበገበው በላይነህ መጥፎ ሰው አለመሆኑ ነበር። ቢዋሽ፣ ቢሰክር፣ ወይም የሰው ሬዲዮ ፈትቶ ዕቃ ቢያስቀር፣ ጓንጉል በሰላም ይጠላው ነበር። ሰውዬው ግን ሲያልፍ ቆሞ ሰላም ይላል፤ ያውም ባርኔጣውን አውልቆ።

በደርግ ዘመን ደብረ ታቦር ገበያ ዳር፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ በረንዳ ላይ፣ ጓንጉል ብቻውን ሬዲዮ ሲጠግን ኖሯል። ሙያውን በወጣትነቱ ጎንደር ወርዶ ከአንድ ሽማግሌ ኤሌክትሪከኛ ተምሮ ነው የመጣው። ከጉና ሥር፣ ከእብናት መንገድ፣ ከየገጠሩ ገበሬው ሬዲዮውን እንደ ሕፃን በነጠላ ጠቅልሎ ያመጣለታል። እሱም መነጽሩን አፍንጫው ላይ አስቀምጦ፣ ክዳኑን ፈትቶ፣ መጀመሪያ ዝም ይላል። ያ ዝምታ ክብሩ ነበር። ሰው በዙሪያው ትንፋሹን ውጦ ይጠብቀዋል።

በላይነህ የመጣው ከጦር ሠራዊት ነው። የመገናኛ ወታደር ነበር፤ እግሩ ላይ ተመቶ ተሰናበተና ከጓንጉል ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ አንዲት ጠረጴዛ ዘረጋ። አንድ ክረምት ሳይሞላው ከጣውላ ሳጥን ሠርቶ መሸጥ ጀመረ። ያ ሳጥን ነው የጓንጉልን እንቅልፍ የነሳው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የገጠሩ ሬዲዮ አብዛኛው አራት ባትሪ ድንጋይ ይጎርሳል። አንዱ ድንጋይ አንድ ቮልት ተኩል ነው። የአንዱ አናት የሌላውን ቂጥ እየነካ በተከታታይ ሲሰደሩ ግፊታቸው ይደመርና ስድስት ቮልት ይሆናል። ዕድሜያቸው ግን አይደመርም፤ በአራቱም የሚያልፈው ያው አንድ ኮረንቲ ስለሆነ፣ ረድፉ የሚቆየው አንዱ ድንጋይ የሚቆየውን ያህል ነው። በላይነህ በሳጥኑ ውስጥ እንዲህ ያለ ረድፍ ሁለት አድርጎ ጎን ለጎን አስተኛ፤ የረድፎቹን አናት ከአናት፣ ቂጥ ከቂጥ በሽቦ አገናኘ። ትይዩ ማለት ይህ ነው። ግፊቱ ያው ስድስት ቮልት፣ ሸክሙ ግን ለሁለት ተካፈለ፤ ስለዚህ ከሳጥኑ ጋር በሽቦ የተያያዘ ሬዲዮ እጥፍ ጊዜ ይናገራል።

“የበላይነህ ሳጥን ድንጋይ ያበረክታል” ተባለ። በዚያን ጊዜ ባትሪ ድንጋይ እንደ ስኳር በገበሬ ማኅበሩ ሱቅ በወረፋ ነበር የሚገኘው፤ ያበረክታል የሚባል ነገር ደግሞ እንደ ጠበል ይፈለጋል።

ጓንጉል ይህን ሲሰማ ደሙ ይፈላል። አንድ የገበያ ቀን አልቻለምና በረንዳው ላይ ተነሥቶ ተናገረ።

“ስምንት ድንጋይ ስምንት ድንጋይ ነው! አራቱን ጨርሰህ አራቱን አጉርሰው፣ ስምንቱንም ባንዴ አጉርሰው፣ በሆዱ የያዘው ያው ነው። ሳጥኑ ከየት አምጥቶ ይጨምራል?”

“እንግዲያ ስምንቱን በአንድ ረድፍ ስደርልና” አለው አንድ ቀልደኛ ማር ሻጭ፣ “እስከ ጣራ ገዳም ድረስ ይጩኽልን።”

“አሥራ ሁለት ቮልት ይሆንና ሬዲዮህን ያቃጥለዋል። ከዚያ ጭሱን ታዳምጣለህ።”

ሰው ሳቀ። ሳቁ ግን ለማር ሻጩ ነበር። ጓንጉል ያለው ሁሉ እውነት ነው፤ ስምንቱን በአንድ ረድፍ ቢሰድሩት ግፊቱ ያድጋል፣ ዕድሜው የአንድ ድንጋይ ይሆናል፤ በሁለት ረድፍ ቢሰድሩት ግፊቱ ይወርዳል፣ ዕድሜው ይረዝማል፤ በጎተራው ያለው እህል ግን በሁለቱም ያው ነው። ይሁንና ሰው እውነቱን አልሰማም፤ የሰማው የተናጋሪውን ሆድ ነው። እርግጥ ሸክም የቀለለለት ድንጋይ በጥቂቱም ቢሆን ይበረክታል። ይህን ጓንጉል ያውቅ ነበር፤ ለማንም ግን አልተነፈሰም።

ከሁሉ የከፋው የወይዘሮ ወርቅነሽ ነገር ነው። ከእብናት መንገድ የሚመጡ፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። ሬዲዮአቸውን ከጓንጉል በቀር ማንም ነክቶት አያውቅም፤ በዓል ሲሆን ለሚስቱ ለእቴነሽ ቅቤ ያመጣሉ። አንድ ልጃቸው ሰሜን ጦር ግንባር ነበር፤ ወታደሮች ለቤተሰቦቻቸው ሰላምታ የሚያስተላልፉበትን የእሑድ ፕሮግራም እንዳያመልጣቸው ይጠብቃሉ። ታዲያ አንድ ቀን እኚህ ሴት ጥላቸውን በጓንጉል በኩል አዘንብለው፣ ፊታቸውን ሸፍነው፣ ወደ ማዶ ሲሻገሩ አያቸው። ሲመለሱ በብብታቸው ሥር የሳጥኑ ጫፍ ታየ።

ያን ዕለት ምሳው አልወረደለትም። እቴነሽ ጠይቃው ሆዴን ነው አላት። “ቅንዓት ለአጥንት ነቀዝ ነው” የሚለውን ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ ነቀዙ ግን እያወቁትም ይበላል።

መስከረም ከጠባ በኋላ ወሬው ተገለበጠ። ሳጥኑ ድንጋይ ይበላል ተባለ። አዲስ ያጎረሱት በሳምንቱ ዝም አለ፤ ሬዲዮው ሳይከፈት የሞተበትም ነበር። ገበሬው ሳጥኑን እያመጣ በበላይነህ ጠረጴዛ ላይ ይወረውራል። በላይነህም በራሱ አዳዲስ ድንጋዮች ሞክሮ ደህና ሆኖ ያገኘዋል፤ ሽቦውን በጣቱ ይከታተላል፤ ፊቱ ላይ ግራ መጋባት ይነበባል።

ጓንጉል ከማዶ ሆኖ ያያል። በዚያ ሰሞን ሲሠራ እንጉርጉሮ ጀመረ። እቴነሽ ምሳ ልታደርስለት መጥታ ይህን ብትሰማ ትኩር ብላ አየችውና፣ “የማን ቤት ተቃጠለ?” አለችው።

አንድ የገበያ ቀን ረፋድ ላይ ወይዘሮ ወርቅነሽ መጡ። ጥላቸውን አጥፈው በቀጥታ ወደ በረንዳው ወጡ፤ ሳጥኑንና ሬዲዮአቸውን ከፊቱ አስቀመጡ።

“አፍሬ ነው የመጣሁ፣ ጓንጉልዬ። ሞቶብኛል። በቀደም እሑድ የልጄ ሰላምታ ደርሷል አሉኝ፣ ጎረቤት ሰማ፣ እኔ እናቱ አልሰማሁ። ነገ ይደግሙታል ይላሉ። ድንጋይ ደግሞ ከሱቁ ጠፍቷል።”

ከዚያም ከመቀነታቸው ጫፍ ፈትተው ስምንት ድንጋይ አወጡ። ጓንጉል ደነቀው። ገጠሬ ድንጋዩን ወደ ሠሪ ይዞ አይመጣም፤ ይለውጥብኛል ብሎ ስለሚሰጋ ቤቱ አስቀምጦ ባዶውን ነው የሚያመጣው። እሳቸው ግን እሱን አምነው አመጡ። አራቱ አዲስ ናቸው፤ የአራቱ ወረቀት ደግሞ ነጥቷል፣ ቆርቆሮአቸው ላብ አውጥቷል።

“እነዚህን ምን አደረጓቸው፣ እትዬ?”

“ፀሐይ አስጥቻቸው ነዋ። እንደ በርበሬ። ሲሞቁ ነፍስ ይዘራሉ። አራት አዲስ ብቻ ስለደረሰኝ ሌላውን ረድፍ በእነሱ ሞላሁት። አገሩ ሁሉ እንዲያ አይደል የሚያደርገው?”

ጓንጉል ዝም አለ። የአሁኑ ዝምታ ግን የድሮው አልነበረም። ነገሩ ሁሉ ባንዴ ገባው፤ በላይነህ ለምን እንዳልገባውም ገባው። ባዶ ሳጥን ነው የሚመጣለት፤ በአዲስ ድንጋይ ነው የሚሞክረው፤ ፀሐይ የተሰጣውን ማንም አላሳየውም።

“ሳጥኑ ከንቱ ነው፤ ይጣሉት” ቢል ይበቃ ነበር። ቃሉ ምላሱ ላይ ነበር። ሴትዮዋ ያምኑታል፤ ወሬውም እስከሚቀጥለው ገበያ እብናት ይደርሳል፤ የማዶው ጠረጴዛ ይታጠፋል። ጓንጉል ቀና ብሎ ማዶውን አየ። በላይነህ አንገቱን ደፍቶ ሽቦ ይፈትሻል። ወይዘሮ ወርቅነሽ ደግሞ የጓንጉልን ከንፈር ከንፈር ያያሉ፤ ልክ የልጃቸው ድምፅ ከዚያ የሚወጣ ይመስል።

“ይምጡ ይዩ” አለ በመጨረሻ።

ድንጋዮቹን ወደ ሳጥኑ መለሰ። ሁለቱን ረድፍ በአናታቸው የሚያገናኘውን ሽቦ ፈታና፣ በመካከሉ ከእጅ ባትሪ የወጣች ትንሽ አምፖል አስገባ። ሬዲዮው ከሳጥኑ ጋር አልተያያዘም። አምፖሏ ግን እንደ ፍም ቀላች።

“ሬዲዮው ሳይያያዝ ማን ነው የሚጠጣው?” አሉ ወይዘሮዋ።

“አሮጌው ረድፍ ነው። ሁለት ጋን ከሥራቸው በቧንቧ ቢያገናኙ፣ የሞላው ወደ ጎደለው አይፈስም? የአዲሱ ግፊት ስለሚበልጥ ቀን ከሌት ወደ አሮጌው ይፈሳል። አሮጌው ደግሞ አያጠራቅመውም፤ ፀሐይ የሰጠው ነፍስ የአንድ ቀን ነው። ሁለቱም ረድፍ አዲስ ቢሆን ኖሮ ግፊታቸው እኩል ስለሆነ ማንም ማንን አይጠጣም።”

በላይነህ የአምፖሏን ብርሃን ከማዶ አይቶ እያነከሰ ተሻግሮ ኖሯል። በረንዳው ሥር ቆሞ ሰማ።

“ጋሼ ጓንጉል” አለ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ “እኔ ይህን ስፈልግ ዓይኔ ሊጠፋ ነው። እንዴት አገኙት?”

ጓንጉል በሕይወቱ እንዲህ የጣፈጠው ጥያቄ የለም። “ድንጋዩን አይቼ ነዋ” አለ ባጭሩ። ጣፋጩ ግን አልቆየለትም። ወይዘሮ ወርቅነሽ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው፣ “እሰይ! እንግዲያ ሳጥኑ ጤነኛ ነው! ጥፋቱ የኔ ነው። የበላይነህን እጅ ይባርከው” አሉ።

ጓንጉል ድንጋዮቹን አንድ በአንድ በአምፖሏ መሞከር ያዘ። ከአዲሶቹ ሦስቱ ገና ትንፋሽ ነበራቸው፤ አንደኛው ግን ደክሟል። የረድፍ ዕድሜ በደካማው ይለካልና እሱን አወጣ፤ ከራሱ መሳቢያ አንድ ደህና ድንጋይ ተካ። አራቱን በተከታታይ በሬዲዮው ሆድ ሰደራቸው።

“ሳጥኑን ለጊዜው ይተዉት። ሬዲዮውን እስከ ነገ እንዳይከፍቱ። ሰዓቱ ሲደርስ ብቻ።”

በሚቀጥለው ገበያ በላይነህ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ ለገበሬው ሲያስረዳ ተሰማ፦ በትይዩ ረድፍ አዲስና አሮጌ አታጣምሩ፤ ስምንት አዲስ ካልደረሳችሁ አራቱን ብቻ አጉርሱ። በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። “ይህን ያስተማሩኝ ጋሼ ጓንጉል ናቸው” ብሎ በጣቱ ወደ ማዶ አመለከተ። ሰውም ዞሮ ጓንጉልን አየና፣ “አይ በላይነህ! የሰው ክብር የማይቀማ፣ ትሑት” እያለ አደነቀ። ሳጥን የሚገዛውም ከበፊቱ ይልቅ በዛ።

ጓንጉል መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ያልቆሸሸ መነጽር ነበር።

ከዚያ ወይዘሮ ወርቅነሽ መጡ፤ መጀመሪያ ወደ እሱ። ዓይናቸው ደፍርሷል፤ ፊታቸው ግን ይስቃል። ልጃቸው፣ “እማዬ፣ ደህና ነኝ” ብሎ ስማቸውን ጠርቷል፤ ድምፁ ወፍሯል፤ ሬዲዮው እስከ መጨረሻው አልደከመም። የጓንጉልን ጉልበት ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ደንግጦ በሁለት እጁ ደግፎ አነሣቸው፤ ለዚያች አፍታ ማዶ የሚባል ነገር መኖሩን ረሳ።

ቅቤውን ለእቴነሽ አስቀምጠው ተሰናበቱትና ጥላቸውን ዘርግተው ተሻገሩ። በበላይነህ ጠረጴዛ ላይም አንድ ጭልፋ የሚሆን ቅቤ በኮባ ጠቅልለው አኖሩ። ጓንጉል ሬዲዮ ከፍቶ ሥራ የያዘ መሰለ፤ ሴትዮዋ በላይነህን እስኪሰናበቱ ድረስ ግን አንዲት ብሎን እንኳ አላዞረም።