ከአሥራ አምስት ደቂቃ የተረፈው

«እሱን ከቆረጥሽውማ ምን ቀረኝ?» አልኳት።

«ሐሳብህ ነዋ።»

«ማስረጃዬን እኮ ነው የምታወጪው።»

«ያወጣሁት ያነበብካቸውን መጻሕፍት ነው። በቃ፣ ማንበብህን አምነናል።»

ካዛንቺስ፣ ሆቴሉ አዳራሽ ጎን፣ ትርፍ ወንበር የተከመረባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበርን። ስለ ከተማና ሥነ ጽሑፍ በተጠራው ጉባኤ ላይ አሥራ አምስት ደቂቃ እንድናገር ተፈቅዶልኝ ነበር። የክብር እንግዶቹ ንግግር ስለረዘመ አስተባባሪው ብቅ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ ሰባት ደቂቃ ነው ያለህ። ከሻይ በኋላ ትገባለህ» አለኝና ሄደ። ንግግሬን የምትቆርጥልኝ ጓደኛዬ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። እኔ ዲግሪ የለኝም፤ ግጥምንም ብቻዬን ነው የተማርኩት። እንዲህ ያለ መድረክ ላይ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው።

እሷ ከመምጣቷ በፊት ብቻዬን ቆርጬው ነበር። ምሳሌዎቹን በሙሉ አውጥቼ፣ ከ«ክቡራን እንግዶች» እስከ አዘጋጆቹ ምስጋና ያለውን ሰላምታ ሳልነካ ተውኩት። ዲግሪ የሌለው ሰው ባለጌም ከተባለ አለቀለት ብዬ ነው። ስልኬ ላይ ሰዓት ይዤ ጮክ ብዬ ሳነበው ዘጠኝ ደቂቃ ሆነ። አሁን እሷ ፊት አፍጥኜ ደገምኩት። ስምንት።

«ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ የሚል የታክሲ ረዳት መሰልክ» አለች። «ወረቀቱን አስቀምጥና ምን ልትል እንደመጣህ ባጭሩ ንገረኝ።»

ወረቀቱን ገልብጬ አስቀመጥኩ። «ሰፈር ከፈረሰ በኋላም ሰው በፈረሰው ቤት አቅጣጫ ይጠቁማል። የሌለውን እንዳለ አድርጎ ስለሚያቆመው፣ ያ አነጋገር ግጥም ነው።»

«እሱን መጀመሪያ በለው። ከዚያ እያንዳንዱን አንቀጽ አንሳና እይ። ሐሳብህ ያለሱም ከቆመ፣ ይውጣ።»

አነሳን። ግጥም ምንድን ነው የሚለው ትንታኔ ወጣ፤ ምንም አልጎደለም። ቀድሜ ካወጣኋቸው ምሳሌዎች የኡራኤልና የቡልጋሪያ ሰፈሮቹ ተመሳሳይ ስለነበሩ እንደወጡ ቀሩ። የካዛንቺሷ ሴትዮ ግን ተመለሰች። መንገድ ስጠይቃት «ከዳቦ ቤቱ አለፍ ብለህ በግራ» ያለችኝ ናት፤ እጇ የጠቆመው ባዶ ቦታ የከለለ ቆርቆሮ አጥር ነበር። እሷ ከሌለች የምለውን ማንም አያየውም። ሰላምታው አንድ መስመር ሆነ።

እንደገና አነበብኩ። ስድስት ደቂቃ ተኩል።

«የተረፈችው ግማሽ ደቂቃስ?» አልኳት።

«ለትንፋሽህ። ወይ ሰው ይስቅ ይሆናል።»

ከአዳራሹ የሲኒ ኳኳታ እየቀነሰ መጣ። እሷ መነጽሯን ስትጠርግ፣ የምሁራኑን ስም የያዘችውን ገጽ ቀስ ብዬ ከማነበው ወረቀት ሥር መለስኳት።

«አየሁህ» አለች ቀና ሳትል።

«አንዷን ብቻ። ማን ነህ ቢሉኝስ?»

ገጿን መዝዛ ከተቆረጡት ጋር አጠፈችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው። «በጥያቄ ሰዓት ከጠየቁህ ታነሳቸዋለህ። ፊት ወንበር ላይ ነኝ» ብላኝ ወጣች። በሩ ከኋላዋ ተዘጋ።